የ15 ብሩ ዳይፐር በስንት ብር ነው የሚወጣው?

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ቆሜ፣ ሦስት የዳይፐር ፓኬት ተደርድሮልኝ የቱን እንደማነሳ ጠፋኝ። አንዱ 34 ፍሬ ነው፣ አንዱ 60፣ አንዱ ደግሞ ስም በሌለው ነጭ ላስቲክ የታሸገ 50 ፍሬ። ባለሱቁ «እታለም፣ ይሄን ውሰጂ፣ ሰው ሁሉ ይሄን ነው የሚወስደው» አለኝ። ሰው ሁሉ የሚወስደው የትኛውን እንደሆነ ግን በየሱቁ ይለያያል። ሦስቱንም አንድ አንድ ፓኬት ገዛሁና ቤት ገብቼ መፈተን ጀመርኩ።

የብራንድ ስም እየጠራሁ «ይሄ ጥሩ፣ ያ መጥፎ» አልልም። ምክንያት አለኝ። እዚህ ሰው ሁሉንም ዳይፐር «ፓምፐርስ» ይለዋል፣ ፓምፐርስ ግን የአንድ ኩባንያ ምርት ስም ነው። በዚያ ላይ አንድ ስም ያለው ዳይፐር በተለያየ አገር ፋብሪካ ሊመረት ይችላል። ከጅቡቲ መስመር የገባውና ከአዲስ አበባ አከፋፋይ የመጣው ፓኬቱ ተመሳስሎ ውስጡ ሊለያይ ይችላል። የዛሬ ወር ያመሰገንኩት ዛሬ ሌላ ነገር ሆኖ ካገኛችሁት በእኔ ትፈርዳላችሁ። ስለዚህ በዓይነት ልክፈላቸው፦ ውዱ፣ መካከለኛው፣ ስም የለሹ። እናንተ በእጃችሁ ያለውን በዚሁ መንገድ ፈትኑት።

ልጄ ያኔ ስምንት ወሩ ነበር፣ 8 ኪሎ። ሁሉም ዳይፐር ሳይዝ 3 ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

ሦስት ነገር ነው ያየሁት። ስንት ሽንት ይዞ ቆዳውን ደረቅ ያደርጋል? ቆዳ ላይ ምን ያመጣል? በቀን ስንት ብር ይበላል? ልስላሴው፣ በላዩ ያለው የድብ ስዕል፣ ሽታው ከቁም ነገር አልገባም። ሽታው እንዲያውም መቀነሻ ነጥብ ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ ሕፃን በሰዓት በአንድ ኪሎ ክብደቱ ሁለት ሚሊ ሊትር ገደማ ሊሸና ይችላል። 8 ኪሎ ከሆነ በሰዓት 16 ሚሊ ሊትር ነው። ከማታ 2 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ቢተኛ 160 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ከአንድ የቡና ሲኒ በላይ ማለት ነው። የራሳችሁን ልጅ ልክ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል ነው፦ ደረቁን ዳይፐር በኬክ ሚዛን መዝኑ፣ ጠዋት የወለቀውን መዝኑ፣ ልዩነቱ ሽንቱ ነው። የእኔው ጉድ አንድ ሌሊት 190 ግራም አሳይቶኛል፣ ማታ ገንፎ ላይ ውሃ ጠጥቶ ነበር።

ጨው ያለው ውሃ

ዳይፐር ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ከእንጨት የሚሠራ ጥጥ መሳይ ነገር ነው። ሌላው እንደ ስኳር የደቀቀ ነጭ ዱቄት፣ ሽንት ሲነካው አብጦ ጄል የሚሆነው። ጥጡ ሽንቱን ቶሎ ይቀበላል፣ ግን ሲጫኑት መልሶ ይተፋዋል። ጄሉ ነው አጥብቆ የሚይዘው። ይሄ ዱቄት ንጹሕ ውሃ ሲሰጡት የክብደቱን ብዙ እጥፍ ይጠጣል፣ ጨው ያለበት ውሃ ሲሆን ግን አቅሙ በጣም ይወርዳል። ሽንት ደግሞ ጨው አለበት። ስለዚህ በቪዲዮ አንድ ብርጭቆ ሰማያዊ ውሃ ዳይፐር ላይ ደፍተው «እዩ ጠጣው!» የሚሉትን አትመኑ። የቧንቧ ውሃ የትኛውም ዳይፐር ይጠጣል።

እኔ አንድ ሊትር ውሃ ላይ 9 ግራም ጨው በተንኩ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ገደማ ነው። ለብ አደረግሁት። ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዛሁ፣ መርፌ አያስፈልግም። ዳይፐሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ወንድ ልጅ የሚሸናበት ቦታ ላይ፣ ማለትም ከመሐሉ ትንሽ ወደ ፊት፣ 60 ሚሊ ሊትር አፈሰስኩ። እስኪሰርግ ስንት ሰኮንድ እንደፈጀ በስልክ ያዝኩ። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ደገምኩ። ሌላ አሥር ደቂቃ ቆይቼ ሠለስኩ። በድምሩ 180 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ሌሊት።

ዋናው ፈተና ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። የመዘንኩትን ደረቅ ሶፍት አጣጥፌ እርጥቡ ቦታ ላይ አደረግሁ፣ በላዩ ሁለት ኪሎ ስኳር ጫንኩበት፣ ሁለት ደቂቃ ተውኩት። ስኳሩ የልጁ መቀመጫ ነው በሉት። ከዚያ ሶፍቱን መልሼ መዘንኩ። የጨመረው ክብደት ዳይፐሩ ወደ ቆዳው የመለሰው ሽንት ነው።

ውዱ ሦስተኛውን ዙር ከ45 ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ዋጠው፣ ሶፍቱ ላይ የተመለሰው አንድ ግራም ብቻ ነው። መካከለኛው ሦስተኛው ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወሰደበት፣ 4 ግራም መለሰ፣ በእጅ ሲነኩት ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አያረጥብም። ስም የለሹ የመጀመሪያውን በደንብ ተቀበለ፣ ሁለተኛው ላይ ተንገዳገደ፣ ሦስተኛው በጎን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የያዘውንም 19 ግራም መልሶ ሶፍቱ ላይ ተፋው።

የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ደረቅ እያሉ ስመዝናቸው ከሁሉም የሚከብደውና የሚወፍረው ስም የለሹ ነበር፣ 38 ግራም። ውዱ 30 ግራም ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ በእጃችን ጫን ጫን እያደረግን «ይሄ ወፍራም ነው» ብለን የምንገዛው ጥጥ ነው ማለት ነው። ስም የለሹን በመቀስ ቀድጄ ወረቀት ላይ አራገፍኩት፣ የረገፈው ዱቄት ከጥቂት ቁንጣሪ አያልፍም። ከውዱ ግን ወለሉ ሁሉ ዱቄት ሆነ። ስትሞክሩ ልጅ አጠገባችሁ አይኑር፣ ዱቄቱ በአየር የሚበን ነው።

ፈተናው የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ልጅ ይንቀሳቀሳል፣ በሆዱ ይተኛል፣ ጠረጴዛ ግን አይገላበጥም። ዳይፐር የሚያፈሰው ሁሌ መጠጣት አቅቶት አይደለም። ጭኑ ላይ ያለው ላስቲክ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ያፈሳል። የወንድ ልጅ ብልት ወደ ላይ ከዞረ በሆዱ በኩል ያፈሳል፣ ስታስሩ ወደ ታች አድርጉት። ማጣበቂያው መሐል ላይ አልደርስ ካለና ጭኑ ላይ ቀይ ምልክት ከተወ ደግሞ ብራንድ ከመቀየራችሁ በፊት ሳይዝ ከፍ አድርጉ። ብዙ ሰው «ይሄ ብራንድ አያዝም» የሚለው ልጁ አድጎበት ነው።

ቆዳው ላይ

እህቴ ኮምቦልቻ ናት፣ ልጇ ከእኔው በሦስት ሳምንት ትበልጣለች። ሁለታችንም ያንኑ መካከለኛውን ዳይፐር እናደርጋለን። የእኔው ምንም አልሆነ፣ የእሷዋ ቀላች። ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱ እንዴት እንደሚቀበላችሁ ታውቁታላችሁ። ላብና ሽንት አንድ ላይ በላስቲክ ታፍኖ ሲውል ቆዳው ይረጥባል፣ የረጠበ ቆዳ በትንሽ ፍትጊያ ይላጣል። ሰገራ ሲጨመርበት ይብሳል፣ ውስጡ ያሉት የምግብ መፍጫ ንጥረ ነገሮች ሽንት ባለበት ቆዳውንም መብላት ይጀምራሉ። ስለዚህ ለቆላ ልጅ የዳይፐሩ የውጭ ሽፋን መተንፈሱ ከመጠጣቱ እኩል ይቆጠራል።

ይሄም ቤት ይፈተናል። ዳይፐሩ ውስጥ ግማሽ ሲኒ ሙቅ ውሃ አፍሱና እስኪሰርግ ጠብቁ፣ ገልብጡት፣ ውጭኛው ጀርባ ላይ ደረቅ ብርጭቆ ድፉበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርጭቆው በእንፋሎት ከደበዘዘ ሽፋኑ እንፋሎት ያሳልፋል። ጥርት ብሎ ከቀረ ተራ ላስቲክ ነው። ስም የለሹ ጥርት እንዳለ ቀረ። ደሴ ብርድ ላይ ይሄ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፣ ኮምቦልቻ ሚያዝያ ላይ ግን አልመክርም።

ልጅ ሲቀላ ወዲያው ዳይፐሩን ከመውቀስ ቦታውን እዩ። ቅላቱ ዳይፐሩ የሚነካው ጉብ ጉብ ያለ ቦታ ላይ፣ መቀመጫውና የጭኑ ውስጥ ከሆነ፣ ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ግን ቆዳው ደህና ከሆነ፣ እርጥበት ነው። ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ሳያስሩ ማናፈስ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወፈር አድርጎ መቀባት ይበቃዋል። ቅላቱ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ደም መስሎ ከበራና ዙሪያውን ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ዚንክ አይፈታውም፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ላስቲኩና ማጣበቂያው ያለፈበትን መስመር ተከትሎ ከቀላ ጥብቀቱ ወይም ዕቃው ነው፣ ያኔ ብራንድ መቀየር ዋጋ አለው። ዋይፕስ በደረሰበት ሁሉ ከቀላ ደግሞ ተጠርጣሪው ዋይፕሱ ነው።

አንድ ነገር ላክል። ፋርማሲ ገብቶ «ለልጅ ቅላት» ብሎ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት በራስ ገዝቶ መቀባት ተለምዷል። ዳይፐር እንደ ክዳን ሆኖ መድኃኒቱ በቆዳው በብዛት እንዲገባ ያደርጋል። ሐኪም ሳያይ አይቀባ። ፓውደርም አትነስንሱ፣ ሲበን ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ዋይፕስ

ዋይፕስ በአብዛኛው ውሃ ነው። ልዩነቱ የጨርቁ ውፍረትና ውሃው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት መድኃኒት ነው። ጨርቅ በውሃ ታሽጎ ወራት ሲቀመጥ ይሻግታል፣ ስለዚህ ማቆያ የግድ ነው። «ምንም ኬሚካል የለውም» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ዝም ብላችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ማቆያ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ከሁሉ የሚፈራው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ለማግኘት አይከብድም፣ ፓኬቱ ላይ በኤም ጀምሮ በ«ቲያዞሊኖን» የሚያልቀውን ፈልጉ። ቆዳን በማስቆጣት ስለሚታወቅ የአውሮፓ ሕብረት ታጥበው የማይነሱ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ አግዶታል፣ እገዳው ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ሌላው ሽቶ ነው። ሱቅ ውስጥ ፓኬቱን ስታሸቱ «አቤት መዓዛው» የምትሉት ያው የሚያስቆጣው ነገር ሊሆን ይችላል። ቆዳው ስስ ለሆነ ልጅ ሽታ የሌለውን ፈልጉ።

ወጪውን ደግሞ በቅጠል ሳይሆን በአንድ መጥረጊያ ቁጠሩት። እኔ ያነጻጸርኩት ሁለቱም 180 ብር ነበሩ። አንዱ 72 ቅጠል፣ ሌላው 120። ሲካፈል ወፍራሙ 2 ብር ከ50፣ ስሱ 1 ብር ከ50 ይወጣል፣ ስሱ ርካሽ መስሎ። ሰገራ ሲጠረግ ግን ወፍራሙ ሦስት ይበቃል፣ 7 ብር ከ50። ስሱ ስድስት ይጨርሳል፣ 9 ብር፣ ጣትም ያልፍበታል። ስሱ የሚያዋጣው እጅና አፍ ለመጥረግ ነው።

ደግሞ ፓኬቱ ተኝቶ ሲቆይ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ የላይኞቹ ይደርቃሉ። ገልብጣችሁ አስቀምጡት። እህቴ ጋ በሙቀቱ ክዳኑ አንድ ቀን ተከፍቶ ካደረ የላይኞቹ ቅጠሎች ሶፍት ይሆናሉ።

እኔ ቤት ውስጥ ዋይፕስ አልጠቀምም ማለት ይቻላል። ለብ ያለ ውሃ በፔርሙስ፣ ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ። ደሴ ሌሊት ላይ ብርድ ዋይፕስ የነካው ሕፃን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ዋይፕስ ለመንገድ ነው፣ ለመናኸሪያ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ቤት።

ወደ ብሩ

ዋጋዎቹ እኔ የገዛሁበት ቀን ናቸው፣ እናንተ ስታነቡት ተቀይረዋል። የራሳችሁን አስገቡበት፣ አካሄዱ ያው ነው።

ውዱ 34 ፍሬ በ1,190 ብር፣ አንዱ 35 ብር። መካከለኛው 60 ፍሬ በ1,500፣ አንዱ 25። ስም የለሹ 50 ፍሬ በ750፣ አንዱ 15። እስከዚህ ስም የለሹ አሸናፊ ነው። ግን ከ50ው አራቱ ማጣበቂያቸው ገና ስስበው ተቦጨቀ፣ 46 ቀረ፣ አንዱ 16 ብር ከ30 ሆነ። ከዚያ በቀን ስንት እንደሚሄድ ቆጠርኩ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት። ውዱ በቀን 5 ይበቃል፣ ሌሊቱን በአንድ ይሻገራል። መካከለኛው 6፣ ሌሊቱን ይሞክራል፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ግን ልጄ ይነቃነቃል። ስም የለሹ 9፣ ሁለቱ ሌሊት ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን አንሶላም ታጥቧል።

| ምርጫ | አንዱ | በቀን | የቀን ወጪ | ሌሊት | ስስ ቆዳ |
|---|---|---|---|---|---|
| ውዱ | 35 ብር | 5 | 175 ብር | ደረቅ | ይመቻል |
| መካከለኛው | 25 ብር | 6 | 150 ብር | እስከ ንጋት | ሙቀት ላይ ያጠራጥራል |
| ስም የለሹ | 16.30 ብር | 9 | 147 ብር | ያፈሳል | አይመከርም |
| ቀን ስም የለሹ፣ ሌሊት ውዱ | ቅልቅል | 7 + 1 | 149 ብር | ደረቅ | ቶሎ ከተቀየረ |
| ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ውዱ | 35 ብር | 1 | 35 ብር እና ሳሙና | ደረቅ | ቶሎ ከተቀየረ |

የ15 ብሩና የ25 ብሩ በቀን የሚለያዩት በሦስት ብር ነው። ያውም አንሶላ የታጠበበት ሳሙናና ሌሊት ሁለት ጊዜ የተነሣሁት ሳይቆጠር።

ስም የለሹ ግን ቦታ አለው። ልጅ ጠዋት ጠዋት የሚያስቀምጠው ሰዓት ይታወቃል። ገና አስሬው በአሥር ደቂቃ የሚቆሽሽ ዳይፐር 35 ብር መሆን የለበትም። ሽንት ብቻ ከሆነና ቤት ውስጥ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ እየቀየራችሁ ርካሹን መጠቀም ይቻላል፣ ጄሉ እንዲሞላ ጊዜ አትሰጡትም። ከስም የለሹ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው እንደ ውዱ አምስት ሰዓት ሲታሰር ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ

ሥራ የምትውሉና ልጁን ሠራተኛ ወይም አያት የምትይዝላችሁ ከሆነ መካከለኛውን ግዙ። አያት በየሁለት ሰዓቱ አትቀይርም፣ «ደረቅ ነው» ትላለች። እማዬ ዳይፐሩ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ሰማያዊ ሲሆን ረጥቧል ማለት እንደሆነ ካሳየኋት በኋላ እንኳ አንዳንዴ ትረሳዋለች።

ኮምቦልቻ ከሆናችሁ፣ ወይም ልጁ ቶሎ የሚቀላ ከሆነ፣ ብርጭቆውን ያደበዘዘውን ምረጡ። ውዱ መሆን የለበትም፣ እህቴ ከእኛ መካከለኛ ሌላ፣ 27 ብር የሚወጣ፣ ብርጭቆ የሚያደበዝዝ አግኝታ ቅላቱ በአራት ቀን ቀለለ።

ብሩ ካልበቃ፣ ቀን ጨርቅ ሌሊት አንድ ጥሩ ዳይፐር። ጨርቅ ሽንቱን አይደብቅም፣ ቆዳው ላይ ያቆየዋል፣ ስለዚህ እንደረጠበ ይቀየር። በላዩ የላስቲክ ሱሪ አጥልቆ ማዋል ጥቅሙን ያጠፋዋል። ሲታጠብ ኦሞው ወይም በረኪናው ጨርቁ ላይ እንዳይቀር ደህና አድርጎ ማለቅለቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ያቃጥላል የሚባለው ሳሙናው ነው። ኮምቦልቻ ጠዋት የታጠበ ከሰዓት ይደርቃል። ደሴ ሐምሌና ነሐሴ ግን ጨርቅ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይሰነብታል፣ በከሰል አጠገብ ማድረቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለእነዚያ ሁለት ወራት ከሰኔ ጀምሮ አንድ ትልቅ ፓኬት መካከለኛ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስትገዙ አዲስ ዓይነት ከሆነ ትልቁን ፓኬት አታንሱ። ባለሱቁን «አሥር ፍሬ ቆጥረህ ስጠኝ» በሉት፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ በፍሬ የሚሸጡ አሉ። ከአሥሩ ስንቱ ማጣበቂያው እንደተቦጨቀ እዩ፣ አንዱን በጨው ውሃ ፈትኑ፣ የቀሩትን ሦስት ሌሊት ሞክሩ።

ልጄ አሁን 10 ኪሎ አልፎ ሳይዝ 4 ገብቷል። ያው ፓኬት ነው፣ ያው ዋጋ ነው፣ ውስጡ ግን ከ34 ወደ 30 ፍሬ ወርዷል፣ ስለዚህ ውዱ 35 ብር የነበረው 40 ብር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በቀን የሚቀየረው ደግሞ ወደ 4 ወርዷል። ሒሳቡን እንደገና ጀምሬዋለሁ።